በፎቶ የመጣ ኢንቮይስ፣ ሂሳቡ አልገጥም ሲል፦ ጥያቄና መልስ

የሱቅና የጅምላ ሂሳብ ነው የምይዘው፤ ጠይቁ።

«ሳሙና 12 ካርቶን በ1,850፣ ፓስታ 8 በ1,385፣ ብስኩት 24 በ415.50። ስደምር 43,252 ይመጣል፤ ወረቀቱ 43,092 ይላል። ማን ነው የተሳሳተው?»

ልዩነቱ 160 ብር ነው። በየመስመሩ ብዛት አካፍለው። በ12ም በ24ም ስታካፍለው የተቆራረጠ ቁጥር ይመጣል፤ በ8 ግን ልክ 20 ነው። ስለዚህ የፓስታው ነጠላ ዋጋ ላይ 20 ብር የጨመርክ ይመስለኛል፤ 1,365ን 1,385 ብለህ አንብበኸዋል፣ በደበዘዘ ካርቦን ኮፒ ላይ 6 እና 8 አይለዩም። ግን እዚህ አትቁም። በፓስታው መስመር ጫፍ የተጻፈውን ጠቅላላ ዋጋ እይ። 10,920 ካለ ንባቡ ያንተ ስህተት ነው፤ 11,080 ካለ ግን አቅራቢው ሲደምር ተሳስቷል። ለዚህ ነው የመስመሩን ዋጋ መጀመሪያ ከወረቀቱ አንብቡ፣ ከዚያ አባዙ የምለው።

«እኔ የመጨረሻውን ብቻ ነው የማየው። ከነቫቱ 49,555.80 ከገጠመ ሌላው ምን ያደርጋል?»

ግማሹ ልክ ነው፤ 43,092 ላይ 15% ቫት 6,463.80 ነው፣ ይገጥማል። ግን 8 በ1,365 እና 80 በ136.50 ሁለቱም 10,920 ነው የሚሰጡት! ስምንት ካርቶን ገብቶ ሰማንያ ብለህ ስቶክ ላይ ብትመዘግብ ብሩ ምንም አይነግርህም። ብዛቱን ከእቃ መረከቢያው ጋር አስተያየው። ደግሞ ከዝርዝሩ ውስጥ ከቫት ነፃ የሆነ እቃ ካለ የጠቅላላው 15% አይገጥምም፤ ያ ስህተት አይደለም።

«ዱባይ ነኝ፣ እኛ ጋ 5% ነው። የኔ ሁልጊዜ በ2 ፊልስ ይለያያል።»

ብዙ መስመር ካለው ችግር የለውም። እነሱ ቫቱን በየመስመሩ አስልተው እያጠጋጉ ደምረውት ይሆናል፣ አንቺ ደግሞ አንዴ ከድምሩ ላይ ታሰዪዋለሽ።

«ታዲያ ፎቶው ለገቢዎች ይበቃል?»

እሱ ሌላ ጥያቄ ነው ወንድሜ፣ ዋናውን ወረቀት ያዝ። ፎቶው ለንባብ ነው፤ ለሱም ቢሆን በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላክልህ፣ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ትንንሹ ቁጥር ይበላሻል።

«ነጠላ ዋጋው ላይ ማህተም አርፎበታል። ጠቅላላውን በብዛቱ አካፍዬ ልሙላው?»

አካፍለህ ሙላው፣ ግን «በስሌት የተገኘ» ብለህ ምልክት አድርግበትና ለአቅራቢው ደውል። ራስህ አካፍለህ ያገኘኸውን መልሰህ ብታባዛው መግጠሙ አይቀርም፣ ስለዚህ ያ መስመር ተረጋግጧል አይባልም።

«እኛ ቢሮ ባዶ ነው የምንተወው። ቅናሽ ተደርጎ ከሆነ ያካፈልከው ዋጋ ውሸት ይሆናል።»

ቅናሽ ካለ እውነትሽን ነው። እኔ ግን ባዶ ቦታ ማንም ሳያየው ያልፋል ብዬ እፈራለሁ፤ በዚህ አንስማማም።