«ተቀነሰብዎት» ወይስ «ዝቅ አድርገናል»፦ የዱቤ ጣሪያን ስለሚያሳውቅ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ በዘይትና ሳሙና አከፋፋይ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ደሴ ላለ ጅምላ ሻጭ 11 ዓመት በዱቤ ስንሸጥ ቆይተናል። የዱቤ ጣሪያቸው 800,000 ብር ነበር፤ አሁን ያልከፈሉት 620,000 ብር አለ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ደረሰኞች 18፣ 24 እና 31 ቀን ዘግይተው ስለተከፈሉ ጣሪያው 500,000 ብር እንዲሆን ተወሰነ። እኔ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ድርጅታችሁ ክፍያ በተደጋጋሚ በማዘግየቱ የዱቤ ገደብዎ ወደ 500,000 ብር የተቀነሰብዎት መሆኑን እየገለጽን፣ ከጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ በላይ ማዘዝ የማይችሉ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን። ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።» ሥራ አስኪያጃችን «ሰውየውን እንዳናጣው፣ አለሳልሰህ ጻፈው» ብለው መለሱልኝ። ምኑን ላለሳልስ?

መልስ፦ ብዙ ሰው «አለሳልስ» ሲባል ምስጋናና ውዳሴ ይጨምራል። እኔ ግን ከዚህ ደብዳቤ ላይ የሚነሣ እንጂ የሚጨመር ማር አይታየኝም። የሚያቆስለው ነገር በትንንሽ ፊደላት ውስጥ ነው ያለው። ከሁሉ በፊት «የተቀነሰብዎት» የሚለውን ይመልከቱ፤ እዚያ ውስጥ ያለችው «ብ» ናት ነገሩን ያከረረችው።

በአማርኛ ግስ ላይ የምትገባ «ል» ድርጊቱ ለሰውየው የሚበጅ መሆኑን ስትናገር፣ «ብ» ደግሞ በሰውየው ላይ የመጣ መሆኑን ትናገራለች። ዳኛ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» አንድ ግስ ናቸው፤ ልዩነታቸው አንዱ አሸንፎ ሌላው ተሸንፎ ከችሎት መውጣቱ ነው። በርም «ዘጋለት» እና «ዘጋበት» ይባላል። ስለዚህ «ተቀነሰብዎት» ያለ ጸሐፊ ቁጥር ብቻ አላሳወቀም፤ «ጉዳት አድርሰንብዎታል» ብሎ ፈርሟል። ሁሉም «ብ» ግን ክፉ አይደለም። «የሚከፍሉበት ቀን» ስንል ጊዜን ማመልከቱ ነው፣ ማንንም አይነካም። ሰው ላይ ያረፈችውን ብቻ ነው የሚያነሡት።

አብሯት ያለው «ተ» ደግሞ ሌላ ችግር አለው። «ተቀነሰ» ሲባል ማን ቀነሰ? ደሴ ያሉት ነጋዴ ደብዳቤውን ሲያነቡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይኸው ነው። አድራጊውን መደበቅ ጨዋነት የሚመስለው በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ስለለመድነው ነው። 11 ዓመት ስልክ እየተደዋወለ ለኖረ ሰው ግን «ተወስኗል፣ ተቀንሷል» ማለት ፊት ማዞር ነው። «ዝቅ አድርገነዋል» ቢሉ ውሳኔውን የወሰደ ሰው አለ ማለት ነው፤ ሊጠየቅና ሊያስረዳ የሚችል ሰው።

ምክንያቱን በተመለከተ «ክፍያ በማዘግየቱ» እና «ክፍያው በመዘግየቱ» የሚለያዩት በአንድ ድምፅ ነው። «አዘገየ» አዘግዪውን ይከሳል፤ «ዘገየ» የሆነውን ይናገራል። ገንዘቡ ለምን እንደዘገየ እርስዎ ደብዳቤውን ሲጽፉ አላወቁም። ከእሳቸው የወሰዱ ቸርቻሪዎች ሳይከፍሏቸው ቀርተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያወቁትን ብቻ ይጻፉ፤ ያወቁት ደግሞ ሦስት ቁጥር ነው፦ 18፣ 24፣ 31። «በተደጋጋሚ» የሚለው ቃል ይውጣ። እሱ ፍርድ ነው፣ ሰውም ይከራከርበታል። ቁጥሮቹን ግን መዝገባቸውን ገልጠው ሊያመሳክሯቸው ይችላሉ፤ ከፍ እያሉ መሄዳቸውንም ማንም ሳይነግራቸው ያዩታል።

«ገደብ» እና «ግድብ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም የሚፈሰውን ያቆማሉ። «ገደብ ተጣለ» የሚለው አነጋገርም በቅጣት ዜና ስለሚሰማ፣ ቃሉ ብቻውን ያስደነግጣል። በጥያቄዎ ውስጥ እርስዎ ራስዎ «የዱቤ ጣሪያ» ብለዋል፤ ወደ ደብዳቤው ሲገቡ ግን «ገደብ» ሆነ። የሚናገሩበትን ቃል ይጻፉት። «ጣሪያ» ከፍና ዝቅ የሚል ነገር መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል። «ብድር» እንዳይሉ ግን፤ ብድር ሲባል የሚታሰበው ገንዘብ ነው፣ እናንተ የሰጣችሁት ዕቃ ነው።

«እናሳስባለን»ን በተመለከተ፣ «ነገሩ ያሳስበኛል» ስንል ያስጨንቀኛል ማለታችን ነው። «በጥብቅ» ሲታከልበት ደግሞ ከማስጠንቀቂያ አይለይም። «እናሳውቃለን» ይበቃል። እንዲያውም ውሳኔው በቀጥታ ከተነገረ እሱም አያስፈልግም፤ «መሆኑን እየገለጽን… መሆኑን እናሳስባለን» የሚለው ሰንሰለት የሚሠራው አንባቢውን እስከ መጨረሻው ግስ ድረስ ትንፋሹን አስይዞ ማቆየት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፤ ይኼኛው የስሜት ሳይሆን የገንዘብ ጉዳይ ነው። «ወደ 500,000 ብር» በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው። «ወደ ሃምሳ ሰው መጣ» ስንል ሃምሳ ገደማ ማለታችን ነው። ስለዚህ «ወደ 500,000 ብር ተቀነሰ» ያነበበ ሰው «አምስት መቶ ሺህ ገደማ ተቀነሰብኝ፣ የቀረኝ ሦስት መቶ ሺህ ነው» ብሎ ሊረዳ ይችላል፤ ሰዋስው አይከለክለውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «ከ800,000 ብር ወደ 500,000 ብር» ብለው መነሻና መድረሻውን አንድ ላይ ያስቀምጡ። «ከ» ስትገባ የ«ወደ» ገደማነት ይጠፋል።

ከዚህ የባሰው ግን ደብዳቤው ጨርሶ ያልተናገረው ነው። ሰውየው አሁን ያለባቸው 620,000 ብር ነው፤ አዲሱ ጣሪያ 500,000 ነው። 120,000ው ምን ይሁን? ዛሬ ይከፈል? በቀኑ ይከፈል? በመንገድ ላይ ያለው ዕቃስ ይመለስ? ደብዳቤው ዝም ካለ አንባቢው የከፋውን ይገምታል፤ «ነገ ገንዘብ አምጣ ሊሉኝ ነው» ብሎ ሌላ አከፋፋይ መፈለግ ይጀምራል። ደንበኛ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ዝምታ ነው፣ በቃሉ መክረር ብቻ አይደለም። «ከዚህ በላይ ማዘዝ አይችሉም» የሚለውም ስህተት ነው። እጅ በእጅ ከከፈሉ የፈለጉትን ያህል ማዘዝ ይችላሉ አይደል? የተለወጠው በዱቤ የሚወሰደው ብቻ ነው።

አንድ የአክብሮት ነገር ይቀራል። «ድርጅታችሁ» ብለው ጀምረው «ገደብዎ» ላይ ይገባሉ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰውየው «እናንተ»ም «እርስዎ»ም ሆኑ። ለባለቤቱ በስማቸው የሚጻፍ ከሆነ ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» ይሁን።

እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ጉዳዩ፦ ከጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሚኖረው የዱቤ ጣሪያ

በስልክ እንደተነጋገርነው፣ በዱቤ የምንልክልዎትን ዕቃ ጣሪያ ከጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ800,000 ብር ወደ 500,000 ብር ዝቅ አድርገነዋል። ምክንያታችን የመጨረሻዎቹ ሦስት ደረሰኞች ከመክፈያ ቀናቸው 18፣ 24 እና 31 ቀን ዘግይተው መከፈላቸው ነው።

እስካሁን በወሰዱት ዕቃ ላይ የቀረው 620,000 ብር የሚከፈለው በየደረሰኙ ላይ በተጻፈው ቀን ነው፤ ቀኑ አልተለወጠም። ይህ ሒሳብ ከ500,000 ብር በታች እስኪወርድ ድረስ ከጥር 1 በኋላ የሚያዙትን ዕቃ እጅ በእጅ ክፍያ እንልክልዎታለን። ከዚያ በኋላ ጠቅላላው ከ500,000 ብር እስካላለፈ ድረስ እንደ ቀድሞው በዱቤ ይወስዳሉ። ከጥር 1 በፊት ያዘዙት ዕቃ በነበረው ስምምነት ይደርስዎታል።

የሚቀጥሉት ሦስት ደረሰኞች በቀናቸው ከተከፈሉ፣ ጣሪያውን እንደገና ለማየት ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ እንነጋገራለን።»

ከእርስዎ ደብዳቤ ረዘም ይላል፤ ይርዘም። የተጨመረው ሁሉ ሰውየው ነገ ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ የሚያስፈልጋቸው ነው። «የምንልክልዎትን» እና «እንልክልዎታለን» ውስጥ ያለችውን «ል» ልብ ይሏል፤ እዚህ የገባችው ለማሳመር አይደለም፣ ዕቃው በእርግጥ መሄዱን ስለሚቀጥል ነው። «በታች እስኪወርድ» ያልኩትም አስቤበት ነው። ቀሪው ልክ 500,000 ቢሆን ለአዲስ ዱቤ ቦታ የለም፤ 450,000 ሲደርስ ግን የ50,000 ብር ዕቃ በዱቤ መውሰድ ይችላሉ።

የመጨረሻዋን አንቀጽ ሥራ አስኪያጅዎ ካልፈቀዱ አይጻፏት። ከፈቀዱም ግሱን ይጠብቁ። «ከፍ እናደርገዋለን» ቃል መግባት ነው፤ ሦስቱ ደረሰኞች በቀናቸው ተከፍለው እናንተ ሐሳባችሁን ብትለውጡ ወረቀቱን ይዘው ይመጣሉ፣ እውነታቸውንም ነው። «እንነጋገራለን» የገባው ቃል መነጋገርን ብቻ ነው። ደግሞም ሁለት ወገን የሚፈልግ ግስ ስለሆነ ሁለቱን እኩል ያስቀምጣል። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ግን ለማጽናናት ብለው አያስገቧት፤ ውሳኔው ጊዜያዊ ካልሆነ ውሸት ነው።

«ነገር ግን» የሚባል ማጠፊያም እንዳልተጠቀምኩ ያያሉ። «ላለፉት 11 ዓመታት ስላሳዩን ታማኝነት እናመሰግናለን፤ ነገር ግን…» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ የመጀመሪያውን ግማሽ ራሱ ይሽረዋል። ነጋዴ ሰው ምስጋናውን ሲያነብ «ምን ሊሉኝ ነው?» እያለ ነው። የ11 ዓመቱን ማንሣት ከፈለጉ ስልኩ ላይ ያንሡት፤ እዚያ ድምፅዎ ይረዳዎታል።

«ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ይቅር። ምን ትብብር ጠየቃችሁ? ያልተጠየቀ ነገር ላይ ምስጋና ሲደርሰው ሰው ተታለልኩ ይላል። በዚያ ቦታ «ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ በዚህ ስልክ ይደውሉልኝ» ብለው የራስዎን ስምና ቁጥር ያስቀምጡ፤ «ከሰላምታ ጋር» ይከተላል።

«በስልክ እንደተነጋገርነው» የምትለዋ መክፈቻ ይህንን ደብዳቤ ከሁሉ በላይ የምታለዝበው ናት፤ ሰውየው ነገሩን በወረቀት ሳይሆን በሰው አፍ ቀድመው እንደሰሙ ትመሰክራለችና። የምትጻፈው ግን በእርግጥ ከተደወለ ነው። ሲደውሉ ቁጥሩን ሳይናገሩ «ደብዳቤ ይደርስዎታል» ብለው ስልኩን አይዝጉ። ከ800,000 ወደ 500,000፣ ከጥር 1 ጀምሮ፣ የቀረው በቀኑ የሚከፈል መሆኑን ይንገሯቸውና መልሳቸውን ይስሙ። ለመዘግየቱ ምክንያት ከነገሩዎት ለሥራ አስኪያጅዎ ያድርሱ፤ ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይውጣ።