በአውትሉክ የሚሰፋው ክፍተት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሁለት የጽሑፍ ክፍሎች መካከል 8 ፒክሰል ቁመት ያለው ባዶ ረድፍ አስገብቻለሁ። በጂሜይል ልክ ነው፤ በአውትሉክ ግን እጥፍ ይሆናል። ለምን?

መልስ፦ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ነባሩ አውትሉክ ከ2007 ዕትሙ ጀምሮ ኢሜይልን የሚያሳየው በብራውዘር ሞተር ሳይሆን በወርድ ነው፤ ወርድ ደግሞ ባዶ የመሰለንን ሴል አንድ አንቀጽ እንደያዘ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ እርስዎ 8 ቢሉትም፣ በውስጡ ያለው የማይታይ ፊደል 16 ፒክሰል ከሆነ ረድፉ ፊደሉን እስኪችል ድረስ ይለጠጣል። የፊደሉንም የመስመሩንም ቁመት አብረው ያሳንሱት፦

```html
<td height="8" style="font-size:8px;
mso-line-height-rule:exactly;
line-height:8px;"> </td>
```

`mso-line-height-rule` ከ`line-height` በፊት መጻፉን ልብ ይበሉ። ጥፋቱ እዚያ መሆኑን ለማረጋገጥ ሴሉን ለጊዜው ቀይ ቀለም ይቀቡት፤ ቀዩ ከ8 ፒክሰል በላይ ከወፈረ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ቀዩ ቀጭን ሆኖ ነጩ ከሰፋ ግን ክፍተቱ የመጣው ከጎረቤቱ ሴል ነው።

ጥያቄ፦ አውትሉክ ፓዲንግ አይቀበልም ስለሚባል ሁሉንም በባዶ ረድፍ ተክቼዋለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ በከፊል። በ`div`፣ በ`p` እና በ`a` ላይ የተጻፈ ፓዲንግ አያስተማምንም፤ በ`td` ላይ ያለው ግን ይሠራል፤ ስለዚህ ያን ሁሉ ረድፍ መጨመር አያስፈልግዎትም ነበር። እውነተኛው ችግር ሁለት ሴሎች በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው። በግራ ሎጎው ያለ ፓዲንግ፣ በቀኝ ቀኑ ከላይ 24 ፒክሰል ፓዲንግ ይዘው ቢቀመጡ፣ ወርድ ትልቁን ለረድፉ በሙሉ ስለሚሰጠው ሎጎውም አብሮ 24 ፒክሰል ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሎጎውን በመነካካት ቀኑን ሙሉ ይደክማል፤ መነካት ያለበት ግን የቀኑ ሴል ነው። በሴሉ ውስጥ ሌላ ትንሽ ሠንጠረዥ ያስገቡና ፓዲንጉን ለውስጠኛው `td` ይስጡት።

ጥያቄ፦ የባዶ ረድፉን ኮድ እኔም ጨመርኩ፤ በጂሜይል ከምስሉ ሥር ያለው ቀጭን ነጭ መስመር ግን አልጠፋም።

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው። ምስሉ እንደ ፊደል በጽሑፍ መስመር ላይ ስለተቀመጠ ከሥሩ ለፊደል ጭራ የሚተው ቦታ ይቀራል። በምስሉ ላይ `display:block` ይጻፉ፤ የጨመሩትንም ረድፍ ያውጡት።

ጥያቄ፦ በረጅም ኢሜይል መሐል ድንገት ሰፊ ነጭ ቦታ ይመጣል። ይዘቱን ሳሳጥር ጠፋ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሰ።

መልስ፦ ወርድ ረጅሙን ሠንጠረዥ እንደ ገጽ ስለሚቆርጠው ነው። ሁሉን ያቀፈውን አንድ ሠንጠረዥ ከላይ ወደ ታች ወደሚደረደሩ አጫጭር ሠንጠረዦች ይክፈሉት። ይህም ቢሆን ለሁልጊዜ አይፈታውም፤ መቁረጫው የሚያርፍበት ቦታ በይዘቱ ርዝመት ስለሚለዋወጥ እያንዳንዱን ዕትም ከመላክዎ በፊት በነባሩ አውትሉክ ከፍተው እስከ ታች ማየት ይኖርብዎታል። በአዲሱ የዊንዶውስ አውትሉክ ብቻ ከሞከሩት አይታይዎትም፤ እርሱ በወርድ አይሠራም።