ብዕሩን ሳትሞክር አትግዛ

«ለማስታወሻና ለንድፍ ታጣፊ ባለንክኪ ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ የተለመደውን? እዚሁ ድሬዳዋ ያገለገለ ታጣፊ አግኝቻለሁ።»

ወንድሜ፣ ስክሪኑ በጣት መነካቱ ብቻ አያታልልህ። ለንድፍ የሚያስፈልግህ ብዕሩን ከጣት ለይቶ የሚያውቅና የእጅህን ጫና የሚለካ ስክሪን ነው። ጫፉ ጎማ የሆነው ርካሽ ብዕር እንደ ጣት ስለሚቆጠር፣ መዳፍህን ስታሳርፍ ያልፈለግኸው መስመር ይሰመራል። እኔ በዚህ ተታልዬ አንድ ሴሚስተር ሙሉ እጄን አየር ላይ አንጠልጥዬ ጽፌአለሁ።

ሻጩ ፊት Paint ክፈትና ማስመሪያ አስደግፈህ፣ ከጥግ ወደ ጥግ በጣም ቀስ ብለህ አስምር። መስመሩ ከተወላገደ ለማስታወሻ ይበቃል፤ ለንድፍ ግን ያበሳጭሃል። በድሬ ሙቀት ላብ ያዘለ መዳፍ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፤ ስስ ጓንት ይረዳል።

ብዕሩ ከሌለው ተወው። የተለመደውን ላፕቶፕ ገዝተህ በዩኤስቢ የሚሰካ የሥዕል ሰሌዳ ጨምርበት፤ ዓይን ስክሪን ላይ፣ እጅ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን መልመድ ግን ጊዜ ይፈጃል።