ድምፄ አለ፣ እኔ ግን የለሁም

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በቴሌግራም ፋይል ላከችልኝ። 3 ሜጋባይት ነው። ስሙ .prproj ብሎ ያልቃል። «ጋሼ፣ ዶክመንተሪዬን ሙሉውን ልኬልዎታለሁ። በዳቪንቺ ከፍተው ከለሩን ይዩልኝ» ትላለች። ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ። እኔም በእሷ ቦታ ነበርኩ፤ ያውም ከእሷ ዕድሜ አልፌ።

መልሱ አጭር ነው። ፋይሉ ፕሪሚየር የሚባለው የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም ነው፤ የፕሪሚየር ፕሮጀክት ፋይል ውስጥ ደግሞ ምስል የለም። «ይህን ክሊፕ ከዚያ ፎልደር አንሳ፣ ከዚህ ፍሬም ጀምር፣ እዚህ ቁረጥ» የሚል ጽሑፍ ነው ያለው። ያንን ጽሑፍ የሚያነበው ደግሞ ፕሪሚየር ነው፤ እኔ ከለር የምሠራበት ፕሮግራም፣ ዳቪንቺ፣ አይከፍተውም። ስለዚህ ከፕሪሚየር Export ውስጥ Final Cut Pro XML የሚለውን ታወጪያለሽ፤ እሱን ከጥሬ ቪዲዮዎቹ ጋር በሃርድ ዲስክ ታመጪልኛለሽ። ይህን ነግሬያታለሁ። ሌላውን ዩቲዩብ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እናንተ ልጆች ዩቲዩብ ላይ የማታገኙት የለም።

እኔ የምጽፈው ዩቲዩብ ላይ ስለሌለው ነው።

2004 ዓ.ም. ነው። ስለ ጣና ታንኳ ሠሪዎች የሃያ ስድስት ደቂቃ ፊልም እየሠራን ነበር። ቀረጻው ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ተጀምሮ ዘጌ ላይ አለቀ። ወደ ዘጌ በጀልባ ነው የሄድነው። የመጨረሻው ቀን ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ደንገሉን እያሰሩ ያወራሉ፤ እጃቸው አያርፍም። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቅ በወጣ ቁጥር ፀሐይ ላይ ቆሞ መድረቅ እንዳለበት፣ እንዲያም ሆኖ ብዙ እንደማይቆይ ነገሩን። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሚበሰብስ ነገር ነው የሠራሁት» አሉ። ካሜራማኑ ቀና ብሎ አየኝ። የፊልሙ ልብ እንደተገኘ ሁለታችንም ገባን። (የዘጌን ቡና ያን ቀን ጠጥቼ ከተማ ስመለስ የሠፈራችን ቡና ውኃ ውኃ አለኝ። ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም።)

በጠቅላላ አሥራ አንድ ሚሞሪ ካርድ ቀረጽን። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኙን ስም ያወጣላቸው ረዳቴ ነው፤ BD01፣ BD02 እያለ። ለእኔ ይህ የሰነፍ ስም ነበር። ስለዚህ የዘጌዎቹን ሁለት ካርዶች ራሴ ሰየምኳቸው፤ TANA_ZEGE_01 እና TANA_ZEGE_02። ቁልጭ ያለ፣ ማንም የሚረዳው ስም። ካሜራው ላይ ደግሞ ታይምኮዱን፣ ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚሰጠውን ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ ካርድ ከ01:00:00:00 ነበር የምናስጀምረው። ልማድ ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደምናደርግ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ኤዲቲንጉ ባሕር ዳር አለቀ። ከለሩና ማጠናቀቂያው የሚሠራው አዲስ አበባ፣ ሌላ ፕሮግራም በሚጠቀም ስቱዲዮ ነው። በጊዜው ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ያለምንም ጭቅጭቅ የሚያልፈው ኢዲኤል የሚባለው የቁርጥ ዝርዝር ነበር። ሲኤምኤክስ 3600 የሚባለው ዓይነት ከቴፕ ዘመን የመጣ ነው። ተራ ጽሑፍ ነው፤ በኖትፓድ ይከፈታል። እያንዳንዱ ቁርጥ አንድ መስመር አለው። የእኛው ዝርዝር አንድ ቦታ ላይ ይህን ይመስል ነበር፦

```
041  TANA_ZEG V     C        01:07:12:10 01:07:16:05 01:05:20:00 01:05:23:20
* FROM CLIP NAME: BUNA_LIQEMA
042  TANA_ZEG V     C        01:07:14:00 01:07:19:00 01:05:23:20 01:05:28:20
* FROM CLIP NAME: SHIMAGILE_CU
```

ቀስ ብላችሁ እዩት። የመጀመሪያው የቁርጡ ተራ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ያለው ሪል ይባላል፤ ድሮ የቴፑ ስም ነበር፣ ለእኛ የካርዱ ስም ነው። V ምስል ነው፤ C ደግሞ ያለ ማሸጋገሪያ በቀጥታ የተቆረጠ ማለት ነው። ከዚያ አራት ሰዓቶች አሉ። ሁለቱ ከጥሬው ቪዲዮ ከየት እስከ የት እንደተወሰደ፣ ሁለቱ ፊልሙ ውስጥ ከየት እስከ የት እንደገባ ይናገራሉ። የመጨረሻው ጥንድ ቁጥር ፍሬም ነው፤ በሰከንድ 25። ቁርጥ 41ን ብታሰሉት በሁለቱም ወገን 3 ሰከንድ ከ20 ፍሬም ይመጣል። ሁሉም ልክ ነው።

አሁን የሪሉን ስም ቁጠሩ። ስምንት ፊደል ነው። ይህ ዓይነቱ ኢዲኤል ለሪል ከስምንት ፊደል በላይ ቦታ የለውም። የእኔ ያማረ ስም TANA_ZEG ላይ ተቆረጠ፤ 01 እና 02 የሚለው ጭራው ቀረ። ሁለቱ ካርዶች አንድ ስም ያዙ። ሁለቱም ከ01:00:00:00 ይጀምራሉ። ቁርጥ 41 ከአንደኛው ካርድ ቡና ሲለቀም ነው፣ ቁርጥ 42 ከሁለተኛው የሽማግሌው ፊት ነው፤ ለሚያነበው ፕሮግራም ግን ሁለቱም ከአንድ ካርድ፣ ከአንድ ደቂቃ የተወሰዱ ናቸው። ከሥር በኮከብ የተጻፈው የክሊፕ ስም ለሰው የተተወ ማስታወሻ ነው። አዲስ አበባ የነበረው ፕሮግራም ምስሉን የፈለገው በሪልና በታይምኮድ ብቻ ነው። ቀድሞ ያገኘው የመጀመሪያውን ካርድ ነው፤ ከዚያ ወሰደ።

ረዳቴ ይህን አይቶታል። ፋይሉን ኖትፓድ ላይ ከፍቶ «ጋሼ፣ ስሙ እዚህ ጋ ተቆርጧል። ሁለቱ ካርዶች አንድ አይሆኑም?» አለኝ። እኔ ሃርድ ዲስኩን በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ነበር። «አንተ ዝም ብለህ ላክ፤ አውቶቡስ ያመልጠናል» አልኩት። በእነዚህ ቃላት ነው ያልኩት፤ አልረሳሁትም።

ክሊፕ ሲጠፋ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይወጣል፤ ሰው ይደነግጣል፤ ስልክ ይደወላል። እኛ ዘንድ የጠፋ ክሊፕ አልነበረም። የመጀመሪያው ካርድ ከሁለተኛው ይረዝም ስለነበር ለተጠየቀው ሰዓት ሁሉ የሚሰጠው ምስል ነበረው። ርዝመቱ በፍሬም ልክ ነው። ድምፁን ለብቻው አንድ ወጥ ፋይል አድርገን ስለላክን እሱም ልክ ነው። ሽማግሌው ሲያወሩ ቡና ዛፍ፣ የሐይቅ ዳር፣ ጦጣ ይታያል። ከለር የሠራው ባለሙያ ምን ይወቅ? ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚመስለው፤ እንዲያውም ያምራል። ማወዳደሪያ የሚሆን ያለቀውን ፊልም በትንሽ ጥራት አውጥተን አብረን አልላክንለትም።

ተመልሶ ሲመጣ እኔ ያየሁት መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው። ጥድፊያ ነበር። እሁድ ከሰዓት ባሕር ዳር በአንድ አዳራሽ ታየ።

ሽማግሌው ከዘጌ በጀልባ መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ሲጀምር ልጆቹ ተንጫጩ። ከዚያ ዝም አሉ። አራት ደቂቃ ሙሉ ፊታቸው አልመጣም፤ እጃቸው አልመጣም፤ ታንኳው አልመጣም። ሲያልቅ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። «ድምፄ አለ፣ እኔ ግን የለሁም» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ትልቁ የልጅ ልጅ መሬት መሬት ያያል።

እኔስ ምን አደረግሁ? በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ረዳቴ ላይ ጮኽኩ። «አንተ ነህ የላክኸው» አልኩት። እውነት ነው፤ የላከው እሱ ነው። አንድም ቃል አልመለሰልኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ አልመጣም።

ማስተካከያው አንድ ሰዓት አልፈጀም። የኢዲኤሉን ፋይል በኖትፓድ ከፍቼ፣ የክሊፕ ስሙን እያየሁ፣ ከሁለተኛው ካርድ የመጡትን 23 መስመሮች TZ02 አልኳቸው፤ የቀሩትን የዘጌ መስመሮች TZ01። ስቱዲዮው ካርዶቹንም በዚሁ ስም ሰየማቸው። የሽማግሌው ፊት ቦታው ገባ። ሲዲ ላይ አድርጌ ዘጌ ላክሁላቸው። ማጫወቻ ይኑራቸው አይኑራቸው አልጠየቅሁም።

አሁን «ጋሼ፣ ኢዲኤል ሞቷል እኮ» ትሉኛላችሁ። ሞቷል። አንድ የምስል ትራክ ብቻ ነው የሚይዘው፤ በላይ የደረደራችሁት ሁሉ ይቀራል፤ ከ999 ቁርጥም አያልፍም። ኤክስኤምኤል ትራኮቹን፣ የፋይሉን ስምና አድራሻ ጭምር ይዞ ይሄዳል። ለድምፅ ሰው ኤኤኤፍ ይሻላል። ኢዲኤልን እርሱት።

እኔ ግን እስከ ዛሬ ከእያንዳንዱ ፕሮጀክት ጋር አንድ ኢዲኤል አስቀምጣለሁ። ሰኔ 2003 ላይ ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስ ሲወጣ የፋይናል ከት 7 ፕሮጀክቶችን አልከፈተም። የስንት ዓመት ሥራችን በአንድ ጀንበር የማይከፈት ሆኖ ታየን። ጽሑፍ ግን ጽሑፍ ነው፤ ምንም ፕሮግራም ባይኖር በዓይኔ አነበዋለሁ።

ደግሞ ኤክስኤምኤል ከእኔ ዓይነት ጥፋት ያድናል ብላችሁ አትተኙ። የዛሬ ካሜራ ብዙው ካርድ በተቀየረ ቁጥር ከC0001.MP4 ሊጀምር ይችላል። እናንተ ደግሞ ስም መቀየር አትወዱም፤ ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ትጥሉታላችሁ። ፋይሎቹ ከቦታቸው ሲነሱና እንደገና ሲፈለጉ ፕሮግራሙ ያው እንደ ድሮው በስምና በታይምኮድ ነው የሚያስሰው። ልጅቷም ሃርድ ዲስኳን ስታመጣ ሦስት C0001.MP4 አገኘሁበት፤ አንዱ የእናቷ ቃለ ምልልስ ነው።

እኔ ዛሬ ለካርድ አራት ፊደል እሰጠዋለሁ፤ ቁጥሩ የማይቆረጥበት ቦታ ላይ። ታይምኮዱን ለመጀመሪያው ካርድ ከ01፣ ለሁለተኛው ከ02 ሰዓት አስጀምራለሁ። ሰዓቱ ራሱ ካርዱን ይናገራል። ያለቀውንም ፊልም ታይምኮዱ ስክሪኑ ላይ እየታየ በትንሽ ጥራት አውጥቼ አብሬ እልካለሁ። ዳቪንቺ ላይ ኦፍላይን ሪፈረንስ ክሊፕ አድርገው ያስገቡትና ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ያዩታል። ቁርጥ በቁርጥ ነው የሚታየው፤ መጀመሪያና መጨረሻውን ብቻ አይደለም።

ረዳቴን ዘንድሮ ጥምቀት ላይ አየሁት። ሠርግና በዓል ይቀርጻል፤ የራሱ ሁለት ልጆች አብረውት ይሠራሉ። ከካሜራው ካርድ አውጥቶ ላዩ ላይ የተለጠፈች ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ 04 ብሎ ጻፈ። ቀና ሲል አየኝ። እኔ ፊቴን ወደ ታቦቱ አዞርኩ። እሱ ግን መጥቶ ትከሻዬን ስሞኝ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ፤ እኔም ደህና ነኝ አልኩት።