የሃይላንድ ሒሳብ፦ ከ10 ብሩ ልዩነት ስንቱ ኪስ ይገባል?

«ሰላም ቤተሰብ። ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ከቆራሌዎች ሃይላንድ በኪሎ 20 ብር እየገዛሁ ቃሊቲ በ30 ብር ላስረክብ አስቤያለሁ። በኪሎ 10 ብር ትርፍ አለው ማለት ነው? መኪና ተከራይቼ ነው የማመላልሰው። ልምድ ያላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።»

ሰላም ወንድሜ። 10 ብሩ ትርፍ አይደለም። ገና ወጪ ያልተቀነሰበት ልዩነት ነው። እኔ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ይህን ሥራ ለዓመታት ስለሠራሁት፣ ብሩ በየት በየት እንደሚያልቅ ላሳይህ። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ አንተ ባነሳኸው 20 እና 30 ነው የምሠራው። የመኪናውን፣ የሠራተኛውንና የጫኙን ሒሳብ ለምሳሌ ያህል አስቀምጫለሁ። አንተ በሰፈርህ ዋጋ ቀይረው።

መጀመሪያ የምትገዛው ኪሎና የምትሸጠው ኪሎ አንድ አይደሉም። 300 ኪሎ ገዛህ እንበል። 6,000 ብር ከፈልክ። ቆራሌው ያመጣልህ ጠርሙስ ክዳኑ ተዘግቶ ነው። ውስጡ የተረፈ ውኃ አለ፣ ጭቃ አለ፣ አንዳንዱ ውስጥ የሲጋራ ቁራጭም አለ። ይህ ውኃና ቆሻሻ 18 ኪሎ ቢሆን አይግረምህ። ክዳኑ ደግሞ ብቻውን ከጠርሙሱ ክብደት ወደ አንድ አሥረኛ ይጠጋል። ከ300 ኪሎ 27 ኪሎ ያህል ክዳን ነው ማለት ነው። ክዳኑ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆነ ብዙ ተረካቢ ከጠርሙሱ ጋር አይፈልገውም። ከዚያ ደግሞ የማይሆን ጠርሙስ አለ። የዘይት ጠርሙስ፣ ቀለም ያለው፣ የሻምፖና የሳሙና ዕቃ። 15 ኪሎ በለው። ሲደመር 60 ኪሎ ወጣ። በእጅህ የቀረው 240 ኪሎ ንጹሕ ሃይላንድ ነው።

240 ኪሎ በ30 ብር 7,200 ብር ነው። ክዳኑን ለብቻው ለደረቅ ፕላስቲክ ገዢ በ20 ብር ብትሸጠው 540 ብር ይጨምራል። በጠቅላላው 7,740 ብር። የገዛህበትን ስትቀንስ 1,740 ብር ቀረ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። 240 ኪሎ ውስጥ ወደ 12,000 ጠርሙስ አለ፤ ባዶ የአንድ ሊትር ጠርሙስ 20 ግራም ገደማ ነውና። ለእያንዳንዱ ክዳን ፈትቶ፣ ውኃ ደፍቶ፣ ረግጦ ለማስቀመጥ 10 ሰከንድ ቢፈጅ፣ አንድ ሰው ስምንት ሰዓት እየሠራ 4 ቀን ይወስድበታል። ይህን ሥራ ሰው ሲያየው ቀላል ይመስለዋል። ቁጭ ብለህ ስትሠራው ግን ጣትህ ያብጣል። የቀን ሠራተኛ በ300 ብር ብትቀጥር 1,200 ብር ወጣ። 540 ብር ቀረህ።

ገና መኪና አልተከራየህም። የተረገጠ ጠርሙስ በትልቁ የእህል ማዳበሪያ 6 ኪሎ ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ 40 ማዳበሪያ ይሆናል። ጫኝና አውራጅ በማዳበሪያ 15 ብር ቢጠይቅህ 600 ብር ነው። ለአነስተኛ መኪና 1,500 ብር ጨምርበት። 1,560 ብር ከሰርክ ማለት ነው። የራስህን ጉልበት ሳትቆጥር፣ የመጋዘን ኪራይም ሳትከፍል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሥራው አያዋጣም» ብሎ ይተወዋል። ሥራው ያዋጣል። የማያዋጣው በዚህ መንገድ መሥራቱ ነው። ከሃይላንድ ጋር ያለው ዋና ጣጣ ክብደቱ ሳይሆን ቦታ መፍጀቱ ነው። አይሱዙ ቶኖችን የሚሸከም መኪና ነው። ያልተረገጠ ጠርሙስ ቁልል አድርገህ ብትሞላው ግን 350 ኪሎ አካባቢ ይዞ ይሞላል። ባለመኪናው የሚያስከፍልህ ለመኪናው ነው፤ ከውስጡ አየር ይኑር ዕቃ ግድ የለውም። ያው መኪና በደንብ የተረገጠውን 800 ኪሎ ገደማ ይወስዳል። የትራንስፖርት ወጪህ በኪሎ ከግማሽ በታች የሚወርደው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክርህ ማስረገጡንና ክዳን ማስፈታቱን ወደ ቆራሌው መግፋት ነው። ክዳኑ ተፈትቶ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ ተረግጦ ለሚመጣ በኪሎ 2 ብር ጨምርለት። ቆራሌው ራሱ ይጠቀማል። ተረግጦ ሲሆን ጀርባው ላይ የሚሸከመው ኪሎ በእጥፍ ይጨምራል፣ ደጋግሞ አይመላለስም። አንተም ክፍት ጠርሙስ ስለምትረከብ ውኃ በኪሎ አትገዛም። ክዳኑ ተዘግቶ የተረገጠ ጠርሙስ ካየህ ግን አትቀበል። ውኃ የሚደበቀው እዚያ ነው። ማዳበሪያውን ከታች በኩል ይዘህ ገልብጠው። ድንጋይና አሸዋ ሁልጊዜ ከሥር ነው ያለው፤ አፉ ላይ ያለው ንጹሕ ነው።

ይህኛውን ደግሞ እናስላው። 800 ኪሎ በ22 ብር 17,600 ብር ነው። ቆሻሻና የማይሆን ጠርሙስ 40 ኪሎ ቢወጣ 760 ኪሎ ታስረክባለህ። በ30 ብር 22,800 ብር። ልዩነቱ 5,200 ነው። ለማጣራት 3 የሰው ቀን 900 ብር፣ አይሱዙ 2,000 ብር፣ ጫኝና አውራጅ ለሙሉ መኪና ተነጋግረህ 1,000 ብር። 1,300 ብር ቀረ። በኪሎ ከ2 ብር በታች ነው። 10 ብር ያልከው ትርፍ ይህ ነው።

ይህም ቢሆን ሚዛን ላይ ሊሄድ ይችላል። አንዳንድ ተረካቢ ለማዳበሪያው ብሎ ከእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ይቀንሳል። እኔም አንድ ተረካቢ ጋ ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ሲቀነስብኝ ነበር። ባዶ ማዳበሪያ ግን 120 ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። 760 ኪሎ በዚያው 6 ኪሎ ገደማ በሚይዘው ማዳበሪያ 130 ያህል ይሆናል። ከእያንዳንዱ 380 ግራም ያለአግባብ ሲቀነስ ወደ 49 ኪሎ ነው። በ30 ብር ስትመታው 1,480 ብር ገደማ። ትርፍህ በሙሉ ሄደ፣ ከዚያም በላይ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለት ማዳበሪያ ሰፍተህ አንድ አድርግ፣ ቁጥሩ በግማሽ ይቀንሳል። ባዶውን ደግሞ እዚያው ሚዛኑ ላይ አስሩን አንድ ላይ አስቀምጠህ አስመዝን። ዓይኑ እያየ ከተመዘነ በኋላ ግማሽ ኪሎ ልቀንስ ማለት ይከብደዋል።

ስለመለየቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ አንድ ጆንያ የተሳሳተ ጠርሙስ ሙሉ ጭነት ያስመልሳልና። ሃይላንድ የሚመስል ግን ያልሆነ ጠርሙስ አለ። ቂጡን ገልብጠህ እየው። ሃይላንድ መሐሉ ላይ የነጥብ እብጠት አለው። የሌላው ዓይነት ፕላስቲክ ቂጥ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር የተገጣጠመበት መስመር ታያለህ። ጠርሙሱን ስታጥፈውም ያጠፍክበት ቦታ ነጭ ሆኖ ከቀረ ጠርጥረው፣ ለይተህ አስቀምጠው። እንዲህ ያለው ጥቂት እንኳ ከገባ ማቅለጫው ውስጥ እየተቃጠለ ንጹሑን ያጠቁረዋል። ተረካቢ የሚቆጣው ለዚህ ነው። የክዳንን ነገር ለመረዳት ደግሞ ባልዲ ውኃ ይበቃሃል። የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። የዘይት ጠርሙስ ከምንም ጋር አትቀላቅል፤ ቅባቱ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይበክላል።

የኔ ትርፍ የተስተካከለው ሃይላንዱን ብቻውን መጫን ስተው ነው። መኪናው በቦታ እንጂ በክብደት አይሞላም ብዬሃለሁ። ስለዚህ ከሥር ብረት አደርጋለሁ። 300 ኪሎ የተሰባበረ የበር ፍሬም፣ የአልጋ ብረት፣ የአርማታ ቁርጥራጭ የአይሱዙን ወለል እንኳ አይሸፍንም። በብረቱ በኪሎ 5 ብር ብታተርፍ 1,500 ብር ነው። ከመኪናው ኪራይ አብዛኛውን ቻለልህ ማለት ነው። ኮንዶሚኒየም በሚታደስበትና አዲስ ቤት በሚሠራበት በእናንተ አካባቢ ደግሞ ብረት አይጠፋም። ግን የፍሳሽ ክዳን፣ የመብራትና የስልክ ገመድ፣ የመንገድ አጥር ብረት ይዞ ከመጣ ሰው አትግዛ። ርካሽ ቢሆንም አትግዛ። ፖሊስ ዕቃውን የሚያገኘው አንተ ግቢ ነው፤ ከማን እንደገዛህ ማስረዳት ያንተ ዕዳ ይሆናል።

ካርቶንን ግን በክረምት አልነካም። የረጠበ ካርቶን ገዢው ወይ አይቀበለውም ወይ እንደፈለገ ይቀንስበታል፣ ጣራ ያለው ማከማቻ ከሌለህ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው ይሻግታል። በበጋ ችግር የለውም። ሃይላንድም በበጋ ነው የሚበዛው፤ ውኃ ይጠጣል፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ አለ። አዳራሽ ከሚጠብቁ ልጆች ጋር ከተግባባህ የሠርጉን ጠርሙስ በማግሥቱ ጠዋት በአንድ ጊዜ ታነሳለህ። ያ ጠርሙስ ንጹሕ ነው፣ ጭቃ አልነካውም።

አሁን መኪና ከመከራየትህ በፊት ቃሊቲ ሄደህ ተረካቢውን በአካል አናግረው። ክዳን ያለውንና የሌለውን በስንት በስንት ይቀበላል? ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይቀደድ ወይስ እንዳለ ይወስዳል? ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀድዳችሁ አምጡ ካለ የመለየቱ ቀን ብዙ ይጨምራልና ከላይ የሠራሁት ሒሳብ አይሠራም። ለማዳበሪያ ስንት ይቀንሳል? ገንዘቡን የሚከፍለው ሲመዘን ነው ወይስ ከሳምንት በኋላ? በዱቤ ከሆነ 17,600 ብርህ ታስሮ ቆራሌዎቹን የምትከፍልበት አጥተህ ወደ ሌላ ገዢ ይሄዱብሃል። መልሱን ይዘህ ተመለስና በኪሎ ስንት ላይ ብትገዛ እንደሚያዋጣህ አብረን እንሥራው። እያንዳንዱ የምትቀንሰው 1 ብር በአንድ ሙሉ መኪና 800 ብር ነው፤ ከቆራሌው ጋር የምትስማማበትን ዋጋ ግን ከዚያ በፊት አትቁረጥ።