የጋራ ቲፕን በሰዓት ስለማካፈል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አራት አስተናጋጆች ነን። ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ 3,500 ብር ተገኘ። አንዷ 9 ሰዓት፣ አንዱ 8፣ ሌላው 6 ሰዓት ተኩል፣ እኔ ደግሞ 5 ሰዓት ተኩል ሠርተናል። እንዴት እንካፈል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሰዓታችሁን ደምሩ፤ 29 ይመጣል። 3,500ን ለ29 ስታካፍሉት ለአንድ ሰዓት 120.69 ገደማ ይደርሳል። ይህን በየሰዉ ሰዓት ስታባዙ በቅደም ተከተል 1,086.21፣ 965.52፣ 784.48 እና 663.79 ይሆናል።

ብዙ ቦታ የሚበላሸው ማጠጋጋቱ ላይ ነው። የአንዱን ሰዓት ድርሻ 121 ብላችሁ ካባዛችሁ 3,509 ይወጣል፤ ሳጥኑ ውስጥ የሌለ 9 ብር አከፋፈላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ነጥቡን እስከ መጨረሻው ይዛችሁ ሂዱና ዝርዝር ለማግኘት እንዲቀል የእያንዳንዱን ድርሻ በ5 ብር ልክ ወደ ታች አውርዱ፦ 1,085፣ 965፣ 780፣ 660። ድምሩ 3,490 ነው። የተረፈችውን 10 ብር ለነገ ሳጥኑ ውስጥ ተዉአትና መዝገቡ ላይ ጻፏት። ሳትጻፍ ከቀረች የሚያካፍለው ሰው ኪስ ውስጥ ገባች የሚል ወሬ ይነሳል።

ጥያቄ፦ እኛ 6 ሰዓት ከ30 ደቂቃን 6.30 ብለን ነው የምንመዘግበው። ድርሻው ሲደመር ከብሩ ጋር ልክ ስለሚገጥም ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው እንጂ! እንዲያውም ስህተቱን የሚደብቀው ድምሩ መግጠሙ ነው። ግማሽ ሰዓት 0.5 ነው፤ 6.30 ብለህ ካባዛህ 30ው ደቂቃ 18 ደቂቃ ሆኖ ይቆጠራል። ከላይ ያለውን ሒሳብ በ6.30 እና በ5.30 ብትሠራው አንዱ 784.48 መውሰድ ሲገባው 770.98 ይደርሰዋል፤ ሌላዋም ከ15 ብር በላይ ታጣለች። የጎደለባቸው ሙሉ ሰዓት ወደሠሩት ሁለቱ ይሄዳል፤ ጠቅላላው ግን ያው 3,500 ነው። ደቂቃውን ለ60 አካፍለህ ጻፍ፤ 15 ደቂቃ 0.25፣ 45 ደቂቃ 0.75 ነው።

ጥያቄ፦ የማታ ፈረቃ 11 ሰዓት ገብቶ 5 ሰዓት ተኩል ሲወጣ ኮምፒውተሩ ከዜሮ በታች ያሳየኛል።

መልስ፦ 12 ጨምሪበት፤ 5.5 ሲደመር 12 ሲቀነስ 11፣ 6.5 ይሆናል። የምግብ እረፍት የምትቀንሱ ከሆነ ግን ከሁሉም ቀንሱ።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ምን ያደክማል? ለአስተናጋጆች 70 በመቶ፣ ለማብሰያ ቤት 30 በመቶ ቆርጦ በየቡድኑ በሰዓት ማካፈል ያው ነው።

መልስ፦ በቡድኑ ውስጥ ያልከው ልክ ነው። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ግን ሰዓት ከሒሳቡ ወጥቷል። 2,000 ብር ተገኝቶ አስተናጋጆች በድምሩ 20 ሰዓት፣ ማብሰያ ቤት 10 ሰዓት ቢሠሩ፣ አስተናጋጅ በሰዓት 70፣ ማብሰያ ቤት 60 ይደርሰዋል። በማግስቱ አንድ አስተናጋጅ ቀርቶ ሰዓታቸው 14 ቢሆንና ያው 2,000 ቢገኝ፣ አስተናጋጅ 100 ሲደርሰው ማብሰያ ቤት 60 ላይ ይቀራል።

ልዩነት መኖር አለበት ካላችሁ ልዩነቱን በሰዓቱ ላይ አድርጉት። ለምሳሌ የማብሰያ ቤትን አንድ ሰዓት 0.8 ብላችሁ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ቀን 20 ሲደመር 8፣ 28 ይሆናል፤ አስተናጋጅ 71.43፣ ማብሰያ ቤት 57.14 ያገኛል። በማግስቱ 22 ይሆንና 90.91 እና 72.73 ይደርሳቸዋል። 0.8 ይሁን 0.6 የሚለው የእናንተ ስምምነት ነው፤ ብሩ ሳይቆጠር በፊት ግን ይወሰን።

አስተያየት፦ የቀረውን ሰው ጠረጴዛ የተሸከምነው እኛ አስተናጋጆች ነን። ጭማሪው ለምን ለማብሰያ ቤት ይደርሳል?

መልስ፦ ይህ ክርክር ሚዛን አለው። የሳህኑ ብዛት ካልቀነሰ ማብሰያ ቤቱ ሥራው ያው ነው፤ የእናንተ ግን ጨምሯል። እኔ ወደ 0.8ው አደላለሁ፤ በመቶኛው የሚጸኑም ምክንያት አላቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው የምሠራው። የሳምንቱ ቲፕ ሲካፈል ሁሌ ያንሰኛል። ሰዓቴን እየቀነሱብኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰዓትሽን ከመጠርጠርሽ በፊት ቲፑ በስንት ቀን እንደሚካፈል እዪ። ሰኞ 1,200 ብር በ20 ሰዓት፣ ቅዳሜ 6,000 ብር በ40 ሰዓት ተገኘ እንበል። በየቀኑ ቢካፈል ሰኞ ለሰዓት 60፣ ቅዳሜ 150 ይደርሳል። ሁለቱ ቀን ሲደባለቅ ለሁሉም 120 ነው። ቅዳሜ 8 ሰዓት የሠራ ሰው 1,200 ፋንታ 960 ይወስዳል፤ ሰኞ 8 ሰዓት የሠራው ደግሞ 480 ፋንታ 960። ሰዓትሽ ሳይነካ 240 ብር የሄደው በዚህ ነው። በየቀኑ፣ ከተቻለም በየፈረቃው ይካፈል ብለሽ ጠይቂ።

አስተያየት፦ ቅዳሜን የሚመድበው ኃላፊው ነው። በየቀኑ ከተካፈለ እኛ ሰኞ የተጣልነው ምን እንብላ?

መልስ፦ ፈረቃው በተራ የሚዞር ከሆነ በየቀኑ ማካፈሉ ውሎ አድሮ ይመጣጠናል። የማይዞር ከሆነ ግን ያልከው እውነት ነው፤ መጀመሪያ የሚነሳው የፈረቃው ጉዳይ ነው።