ከአስፋልቱ እስከ ብሎክሽ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የምጽፍልዎት ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። 39 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። መሀል ከተማ ቢሮ ስለምሠራ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ከቤት ወጥቼ የምመለሰው ማታ 12 ሰዓት ገደማ ነው።

ሰሞኑን ሰው ሁሉ ተነስቶብኛል። ጤና ጣቢያ ስሄድ "ግፊትሽ ከፍ ማለት ጀምሯል፣ ተንቀሳቀሺ" ተባልኩ። በቃ፣ እንዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ባለቤቴ ደግሞ "ስንፍና ነው እንጂ ሌላው ሰው ጊዜ ከየት አመጣ?" ይለኛል። እሱ ይህን ሲል እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። የቢሮ ጓደኛዬ በቀን አሥር ሺህ እርምጃ ካልሞላች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ በየቀኑ ስልኳን አውጥታ ታሳየኛለች።

ሲሰለቸኝ ባለፈው እሁድ አብሬያት እንጦጦ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ እሷ "በርቺ በርቺ" እያለች ከኋላዋ ተጎተትኩ። መውረዱስ ቀሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ሮጥ ሮጥ እያልን ነው የወረድነው። ሰኞ ግን ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ጭኔና ቅልጥሜ ከፊት በኩል ታመመ፤ እስከ ረቡዕ ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ነበር። ባለቤቴ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

እዚህ ሰፈር ጠዋት ጨለማ ነው፤ መንገዱን ውሻ ይዞታል። ማታ ከታክሲ ስወርድ ሠልፍ ይዤ ባጃጅ እጠብቃለሁ። እስከ ብሎካችን ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ግን ደክሞኝ ስለምመጣ ነው። ከዚያ እራት አለ፣ የልጆች የቤት ሥራ አለ። የስፖርት ልብስ የለኝም። ለጂም ገንዘቡም ጊዜውም የለም።

በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ ብራመድ ራሴን ማታለል ነው? ነው ካሉኝ እተወዋለሁ። አይደለም ካሉኝ የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ እንዴት እንደምጀምር ይንገሩኝ።

ደክሞኝ ያለሁት፣ ከቱሉ ዲምቱ

*

እህቴ፣ ማታለል አይደለም። ድሮ የዓለም ጤና ድርጅት እንቅስቃሴን የሚቆጥረው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ሲሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ግን ያንን ገደብ አንስቶታል። አሁን አጭሯም ትደመራለች። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ ይላል፤ እሱ ግን ቀስ በቀስ የሚደረስበት ነው እንጂ የሚጀመርበት አይደለም።

ደብዳቤሽን ሳነብ የቆምኩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። "መውረዱስ ቀሎኝ ነበር" ብለሽ አልፈሽዋል። እግርሽን የጎዳው እሱ ነው።

ዳገት ስትወጪ የሚጨነቀው ትንፋሽ ነው፤ ስለዚህ ወዲያው ይታወቅሻል። ቁልቁለት ላይ ትንፋሽ ይቀላል፣ ሥራው ግን ወደ እግር ይዞራል። በቅልጥምሽ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ እግርሽ መሬቱ ላይ ጧ ብሎ እንዳያርፍ እንደ ፍሬን ሆኖ ይይዛል። የጭንሽ ጡንቻም ጉልበትሽ እንዳይከዳሽ እንዲሁ ይይዛል። ሁለቱም የሚይዙት እየተለጠጡ ነው። ያልለመደ ጡንቻን እንዲህ ያለ ሥራ የሚያሳምመውን ያህል ሌላ ሥራ አያሳምመውም። ሕመሙ ደግሞ ያን ቀን አይመጣም፤ በማግስቱ ይጀምርና በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ያንቺም ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነበር።

ስለዚህ ሰነፍ ሆነሽ አይደለም። በጭራሽ ያልተራመደን ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ተራራ አውጥቶ እያስሮጡ ማውረድ ጥፋት ነው። ጓደኛሽ በክፋት እንዳላደረገችው አውቃለሁ፤ ግን ተቆጥቻታለሁ። ለዓመታት በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሰው የሚተወው መራመድ ስለከበደው ሳይሆን የመጀመሪያው ቀን ስለበዛበት ነው።

አሥር ሺውንም እርሺው። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ እርምጃ መቁጠሪያ ነው። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ በማራቶን ባሸነፈ በዓመቱ ማለት ነው፤ አገሬው ከኦሊምፒኩ ወዲህ ስፖርት ስፖርት ይል በነበረበት ጊዜ። ለዕቃው መሸጫ የተመረጠ ቁጥር እንጂ ሐኪም ለክቶ የደረሰበት አይደለም። ጓደኛሽ ከተመቻት ትቀጥል። አንቺ በመጀመሪያው ሳምንት እርምጃ አትቁጠሪ፤ ስልክሽም ቦርሳሽ ውስጥ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ባጃጁ እንምጣ። በኮብልስቶን ላይ ሦስት ደቂቃ የሚሄድ ባጃጅ የሚሸፍነው 700 ሜትር ገደማ ነው። ያ በእግር፣ ያውም በዝግታ፣ አሥር ደቂቃ ነው። ሠልፉ ላይ ስንት ደቂቃ እንደምትቆሚ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጊዜ የለኝም ያልሽው ውስጥ አሥሩ ደቂቃ ተቀምጧል፤ በየማታው ቆመሽ ታሳልፊዋለሽ። ደክሞኝ ነው ያልሽውን አምናለሁ። ግን ወንበር ላይ ውለሽ፣ ታክሲ ውስጥ ተጣበሽ የምትመጪው ድካም የእግር ድካም አይደለም፤ በዝግታ ሲሄዱበት አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላል።

መጀመሪያ ግን ደረጃ ስትወርጂ የሚያምሽ ሙሉ በሙሉ ይልቀቅሽ። ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ጀምሪ።

ሰኞና ማክሰኞ ከታክሲ ወርደሽ እስከ ብሎክሽ በእግርሽ ግቢ። ሌላ ምንም አትጨምሪ። ፍጥነትሽ ዘመድ ሸኝተሽ እንደምትመለሺው ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ስፖርት ነው ብሎ ሲያስብ ሳያውቀው ይፈጥናል። ልክሽን የምታውቂው በንግግር ነው። አብራሽ ለምትሄድ ጎረቤት ስለ ውሃው መጥፋት ረዘም ያለ ነገር ሳትቆራርጪ መንገር ከቻልሽ ልክ ነሽ። በየሁለት ቃሉ አየር ከሳብሽ ፈጥነሻል፤ ቀንሺ። እንጦጦ ላይ "በርቺ" ስትልሽ መመለስ አቅቶሽ ከነበረ መቆም የነበረብሽ ያኔ ነው።

ረቡዕ በባጃጅ ግቢ። አዎ፣ ጤነኛ ብትሆኚም፣ ብትፈልጊም። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ይዘገያሉ። ሁለት ቀን ሄዶ አንድ ቀን ማረፍ ለእነሱ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ "ደህና ነኝ እኮ" ብለው የቀጠሉ ሰዎች ናቸው በሁለተኛው ሳምንት ቅልጥማቸውን ይዘው የሚመጡት።

ሐሙስና ዓርብ ያንኑ መንገድ ሂጂ። አሁን መሀል ላይ፣ መንገዱ ሜዳ በሆነበት፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ትንሽ ፈጠን በይ። ትንፋሽሽ ጨመር ይበል፣ ወሬሽ ግን አይቆረጥ። ከዚያ ወደ ዝግታሽ ተመለሺ፤ ቤት ስትደርሺ ላብ ያጠመቀሽ መሆን የለብሽም። ፈጠን ስትይ እርምጃሽን አታስረዝሚ። እግርን ሩቅ ወርውሮ በተረከዝ መምታት ያንኑ የቅልጥም ጡንቻ መልሶ ያስቆጣዋል። አጠር አጠር አድርገሽ ቶሎ ቶሎ አንሺ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ይዘሽ ሜዳ ሜዳውን ሃያ ደቂቃ ዙሪ። ልጆች እየቆሙ እየሄዱ ስለሆነ በራሳቸው ያዘገዩሻል። እሁድ ዕረፍት። ሲደመር አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ለመጀመሪያ ሳምንት ይበቃል።

ልብስ አያስፈልግሽም፤ በቢሮ ልብስሽ ሂጂ። ጫማ ላይ ግን ጥብቅ ነኝ። ተረከዝሽን የሚይዝ፣ ጣቶችሽ ጋ የሚተጣጠፍ፣ መሀሉ ላይ ግን እንደ ጨርቅ የማይጠቀለል ጠፍጣፋ ጫማ ይሁን። ያረጀ ሸራም ቢሆን፣ ሶሉ በአንድ ጎን ካልተበላ ይሆናል። በፌስታል ይዘሽ ሂጂና ታክሲ ውስጥ ቀይሪ። በነጠላ ጫማ ግን አይሆንም፤ እንዳይወልቅ ጣት መጭመቅ ስለሚያስፈልግ ቅልጥም ላይ ሥራ ይጨምራል። ኮብልስቶኑ ደረቅ ሲሆን ጠርዝ ላይ ያለው የተደለደለ አፈር ይሻላል፤ ሲዘንብ ኮብሉ ይሻላል፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ያዞራል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት መኪናው ፊት ለፊት የሚመጣብሽን ጎን ያዢ። ጠዋት አትሞክሪ፤ ስለ ጨለማውና ስለ ውሻው ልክ ነሽ። ዘግይተሽ ጨልሞ ከደረስሽም ያን ቀን በባጃጅ ግቢ፤ ቀኑን ለመካስ ብለሽ በማግስቱ እጥፍ አትሂጂ።

ቅልጥምሽን እንዲህ ፈትሺው። ሕመሙ በጡንቻው ላይ ሰፋ ብሎ ከተዘረጋና ስታርፊ ከለቀቀ የተለመደ ድካም ነው፤ አንድ ቀን ጨምረሽ እረፊ። በአንድ ጣት ስትጫኚው አጥንቱ ላይ አንዲት ቦታ ለይታ ከጮኸች፣ ወይም ተኝተሽም ካመመሽ ግን መራመዱን አቁመሽ ታዪ። ስትሄጂ ደረትሽን የሚጨመድድ ወይም ወደ ክንድና መንገጭላ የሚሄድ ነገር ከተሰማሽ ደግሞ ቆመሽ ወዲያውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። ግፊትሽ መጨመር ስለጀመረ ይህንን ቀለል አታድርጊው። ግፊትሽንም በቀጠሮሽ ቀን አስለኪ፤ በአንድ ሳምንት እርምጃ ወረደ ብለሽ አትጠብቂ።

ባለቤትሽን በተመለከተ ሚዛን ልይዝ አልችልም። በእግርሽ በምትገቢባቸው አራት ማታዎች ሽንኩርቱን እሱ ይክተፍ። ቅዳሜም አብሮሽ ይውጣ እንጂ በር ላይ ቆሞ አይሸኝሽ። "ሌላው ሰው ጊዜ ከየት አመጣ" ላለው መልሱ ይኸው ነው፤ ሌላው ሰው ቤት ውስጥ የሚያግዘው አለው።

ሳምንቱ ያለ ቅልጥም ሕመም ካለቀ በሁለተኛው ሳምንት ቀኖቹን እንዳሉ ተያቸው፤ ሐሙስና ዓርብ ብቻ ብሎክሽን አንዴ ዞረሽ ግቢ። ካመመሽ ያንኑ የመጀመሪያውን ሳምንት ድገሚው፤ ፈጠን የምትይባትን ሁለት ደቂቃ አውጪና።